ትኩሳቱ ድንገት የወረደ ሌሊት

የዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ውስጥ ያለ አንድ የ19 ዓመት ተማሪ እናስብ። ሰኞ ማታ ራሱን ያመዋል። ማክሰኞ ሰውነቱ ይግላል፤ ጉንፋን ነው ብሎ ዝንጅብል በማር ይጠጣል። ሐሙስ ትኩሳቱ 38.5፣ ቅዳሜ 39.5 ይደርሳል። ጠዋት ጋብ ይልለታል፤ ማታ ማታ ግን ከትናንቱ ብሶ ይመለሳል። ሆዱ ደርቋል፣ ምግብ አስጠልቶታል፣ ደረቅ ሳልም ይዞታል። ታይፎይድ፣ በድሮው አጠራር የአንጀት ተስቦ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ብዙውን ጊዜ እንዲህ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። ወባም፣ የሳንባ ምችም ከዚህ ብዙ ሳይለይ ሊጀምር ይችላል።

ዓርብ፣ በአምስተኛው ቀን፣ ክሊኒክ ሄዶ ደም ሰጥቶ ነበር። አብሮት የሄደው ጓደኛውም ሁለት ቀን ራሱን ስላመመው አብሮ ተመረመረ። ውጤቱ ሲመጣ የታመመው "ነጌቲቭ" ተባለ፤ ጓደኛው "ታይፎይድ አለብህ፣ 1፡160" ተብሎ መድኃኒት ተጻፈለት። ጓደኛው በሦስተኛው ቀን ዳነ፤ ኪኒኑን አመሰገነ። ጉንፋን ግን ያለ ኪኒንም ይለቃል።

ሁለቱን ያሳሳተው ምርመራ ዊዳል ይባላል፤ ስሙን ያገኘው በ1896 በፓሪስ ካስተዋወቀው ሐኪም ከፈርናንድ ዊዳል ነው። የላቦራቶሪ ባለሙያው ከደሙ የተለየውን ፈሳሽ የሞቱ የታይፎይድ ባክቴሪያዎች ካሉበት ጠብታ ጋር በመስታወት ላይ ቀላቅሎ ያወዛውዘዋል። እንደ ተቋጠረ ወተት ከተንጓለለ ፖዘቲቭ ነው። ችግሩ ምርመራው የሚፈልገው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት የሠራበትን አንቲቦዲ መሆኑ ነው። አንቲቦዲው በቂ ሆኖ ለመታየት አንድ ሳምንት ገደማ ስለሚፈጅ የተማሪው ደም በአምስተኛው ቀን ምንም ባያሳይ አያስገርምም። በሌላ በኩል የቆየ ሕመም፣ ክትባት፣ የታይፎይድ ዘመድ የሆኑ ሌሎች ባክቴሪያዎች፣ ወባም ጭምር ያንኑ መንጓለል ሊያመጡ ይችላሉ።

ስህተቱ ምን ያህል እንደሆነ በ2014 የታተመ አንድ የኢትዮጵያ ጥናት ያሳያል። ከ270 ትኩሳት ያለባቸው ሕሙማን 88ቱ በዊዳል ፖዘቲቭ ሆኑ። በደም ካልቸር ታይፎይድ ወይም የቅርብ ዘመዱ የተገኘው ግን በ7 ሰዎች ብቻ ነበር፤ ከ88ቱ ፖዘቲቮች መካከል ካልቸር ያረጋገጠው 5ቱን ነው። በእርግጥ ካልቸርም ፍጹም አይደለም። ከአሥር እውነተኛ ሕሙማን አራት ያህሉን ሊያመልጠው ይችላል፤ ደሙ ትንሽ ከሆነ ወይም ሕመምተኛው አስቀድሞ አንቲባዮቲክ ከዋጠ የሚያመልጠው ይበዛል። ዊዳልን በትክክል ለማንበብ ከአሥር ቀን በላይ ልዩነት ባላቸው ሁለት ናሙናዎች ላይ አራት እጥፍ ጭማሪ መፈለግ ነበረበት፤ በትኩሳት የሚቃጠል ሰው ታቅፎ ይህን ያህል የሚጠብቅ ሐኪም ግን የት ይገኛል?

ተማሪያችን "ነጌቲቭ" የሚለውን ወረቀት ይዞ፣ ማስታገሻ እየዋጠ ሁለተኛውን ሳምንት ጀመረ። ትኩሳቱ 40 ላይ ተተክሎ አልወርድም አለ። ሲጠሩት ዘግይቶ ይመልሳል፣ ዓይኑ ፈዟል፣ ሆዱ ተነፍቷል። ሐኪም ቢያየው ጣፊያው አብጦ ሊያገኘው ይችል ነበር። የልብ ምቱ ደግሞ በደቂቃ 84 ብቻ ነው፤ ለ40 ዲግሪ ትኩሳት ይህ ቀርፋፋ ነው።

በዚህ ጊዜ ሆድ ውስጥ ያለው ሥራ ሌላ ነው። ባክቴሪያው መጀመሪያ በትንሹ አንጀት ግድግዳ አልፎ ወደ ደም ገብቷል፤ ከዚያ በጉበትና በሐሞት ከረጢት ተራብቶ ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ይመለሳል። በትንሹ አንጀት መጨረሻ አካባቢ የሚገኙት የመከላከያ ህዋሳት እብጠቶች ያውቁታልና ሁለተኛውን መምጣቱን በኃይል ይቀበሉታል። ያብጣሉ፣ ይሞታሉ፣ ቁስል ይሆናሉ። ቁስሉ የደም ሥር ከነካ ሰገራው እንደ ሬንጅ ይጠቁራል ወይም ደም ይወጣል። ጠልቆ ግድግዳውን ከበሳ ደግሞ የአንጀት ይዘት ወደ ሆድ ዕቃ ይፈስሳል። ሁለቱም በአብዛኛው የሚመጡት በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻና በሦስተኛው ሳምንት ነው።

በ14ኛው ቀን፣ እሑድ ሌሊት፣ ትኩሳቱ በአንዴ ወደ 36.4 ወረደ። ሊያስታምሙት የመጡት እናቱ እፎይ አሉ። በመድኃኒት የሚድን ታይፎይድ ትኩሳት ግን አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ቀስ እያለ ነው የሚወርደው። ላቡ ቀዝቃዛ ነበር፤ የልብ ምቱ 130 ደርሷል፤ ከእምብርቱ በታች በስተቀኝ ድንገት የጀመረው ሕመም ሆዱን ሁሉ አዳርሶታል፤ ሲነካ እንደ ጣውላ ደርቋል። ሐኪሞቹ ቁጭ አድርገው ራጅ ሲያነሡት ከድያፍራም በታች የጨረቃ ቅርጽ ያለው ጥቁር አየር ታየ፤ አየሩ ከተበሳ አንጀት የወጣ ነው።

የደም ሥር ፈሳሽና በመርፌ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ተጀምሮለት ወደ ቀዶ ሕክምና ገባ። ሐኪሙ ያገኘው ከትልቁ አንጀት መገናኛ ጥቂት ሳንቲሜትር ርቆ፣ በትንሹ አንጀት ላይ ያለች የምስር ፍሬ የምታህል አንዲት ቀዳዳ ነበር። ውጭ የቆሙት እናት "ትኩሳቱ እኮ ለቆት ነበር" ይላሉ።