ከበሽሎ መነሻ እስከ ሕዳሴ ግድብ፦ የጠፋ ቀመር እንዴት ይገኛል?

ከኩታበር በስተምዕራብ የሚነሳው በሽሎ ገደል ለገደል ወርዶ አባይ ይገባል። ስለዚህ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ከሚይዘው ውሃ ውስጥ የእኛ ደጋ ዝናብም አለበት። ዛሬ ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ዳይሜንሽናል አናሊሲስ ስጽፍ ምሳሌዬን የምወስደው ከዚሁ ውሃ ነው። ጥያቄው እንዲህ ነው፦ አንድ ጅረት ከተወሰነ ከፍታ ቢወርድ ስንት ዋት ይሰጣል?

ይህን ለመመለስ በመጀመሪያ በሰከንድ ምን ያህል ውሃ እንደሚፈስ መለካት አለብን። ቀጥሎ ፍሰቱንና ከፍታውን ወደ ፓወር የሚለውጥ ቀመር ያስፈልገናል። ሁለቱንም መጽሐፍ ሳንገልጥ እንፈልጋቸው። መሣሪያችን አንድ ሕግ ብቻ ነው፦ በእኩል ምልክት ግራና ቀኝ ያሉት ነገሮች ዳይሜንሽናቸው አንድ መሆን አለበት። ማስን M፣ ርዝመትን L፣ ጊዜን T እንበል። ፍጥነት ርዝመት ለጊዜ ስለሆነ LT⁻¹ ነው። የመሬት ስበት አክስለሬሽን g ደግሞ LT⁻² ነው። ከዚህ በላይ የሚታወስ ነገር የለም።

ከፍሰቱ እንጀምር። ትንሽ ጅረት የሚለካበት ቀላል ዘዴ አለ። አንድ ሳንቃ ወይም ላሜራ ተወስዶ ከላይኛው ጠርዙ ወደ ታች በV ቅርጽ ይቆረጣል። ጅረቱ ላይ ቀጥ ብሎ ይተከልና ውሃው በተቆረጠው አፍ ብቻ እንዲያልፍ ግራና ቀኙ፣ ሥሩም በጭቃ ይደፈናል። ውሃው ከሳንቃው ኋላ ይጠራቀምና በV አፍ በኩል ይወርዳል። የሚለካው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከV ታችኛው ጫፍ አንሥቶ እስከ ውሃው ገጽ ያለው ቁመት። እሱን H እንበለው። ልኬቱ አፉ ላይ ሳይሆን ወደ ኋላ ራቅ ብሎ መወሰድ አለበት፤ አፉ ጋ ሲደርስ ውሃው ወደ ታች ጎንበስ ስለሚል H ከእውነተኛው ያንሳል።

እንግዲህ በሰከንድ የሚያልፈው የውሃ መጠን Q በምን በምን ይወሰናል? ውሃው በበዛ ቁጥር H ይጨምራል፤ ስለዚህ H አለ። ውሃውን ወደ ታች የሚጎትተው የመሬት ስበት ነው፤ ስለዚህ g አለ። የውሃው ዴንሲቲስ? እዚህ ላይ ዳይሜንሽን ራሱ መልስ ይሰጠናል። Q ማለት ሜትር ኪዩብ በሰከንድ፣ ማለትም L³T⁻¹ ነው፤ M የለበትም። H እና g ውስጥም M የለም። ዴንሲቲን ብናስገባ የሚመጣውን M የሚያጣፋልን ሌላ ነገር አናገኝም። ስለዚህ ዴንሲቲ ከቀመሩ ይወጣል። በዚሁ ሳንቃ ላይ ዘይት ቢፈስ የዴንሲቲው ልዩነት ብቻውን ፍሰቱን አይለውጠውም ማለት ነው።

አሁን Q = k·gᵃ·Hᵇ ብለን እንጻፍ፤ k ቁጥር ብቻ ነው። የጊዜን ፓወር ስናመሳስል በግራ −1፣ በቀኝ −2a አለ፤ ስለዚህ a = 1/2። የርዝመትን ስናመሳስል 3 = a + b፤ ስለዚህ b = 5/2። ቀመሩ ወጣ፦

Q = k · √g · H^(5/2)

ይህ ቀመር የውሃ መሐንዲሶች የሚጠቀሙበት ራሱ ነው። አንግሉ 90 ዲግሪ ለሆነ V የ√g እና የk ብዜት በሜትርና በሰከንድ ሲሰላ ወደ 1.4 ይጠጋል፤ ይህ ቁጥር ግን በሙከራ የተገኘ ነው። ዳይሜንሽን k ስንት እንደሆነ ሊነግረን አይችልም፤ አንግል ዳይሜንሽን ስለሌለው Vው ሲሰፋ ወይም ሲጠብ k እንዴት እንደሚለወጥም አያውቅም። የሚነግረን ቅርጹን ነው፤ ቅርጹ ግን ብዙ ዋጋ አለው። H እጥፍ ሲሆን ውሃው እጥፍ ሳይሆን 2^(5/2)፣ ማለትም ወደ 5.7 ጊዜ ያህል ይጨምራል። ከዝናብ በኋላ ሳንቃው ላይ ያለው ቁመት ከ10 ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ቢወጣ ውሃው እጥፍ ሆነ የሚል ሰው በጣም ተሳስቷል።

አንድ ገደብ አለ። ቁመቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ሲሆን ውሃው ከሳንቃው ጠርዝ ጋር ይጣበቅና ቀመሩ ከልኬቱ ጋር አይስማማም። ስህተቱ የአልጀብራው አይደለም። ውሃው ሲያንስ የገጽ ውጥረቱና የውሃው ውስጣዊ ፍትጊያ ሚናቸው ይጎላል፤ እኛ ደግሞ መጀመሪያውኑ ዝርዝራችን ውስጥ አላስገባናቸውም። ዳይሜንሽናል አናሊሲስ ታማኝ የሚሆነው ያስገባናቸው ነገሮች ትክክል ሲሆኑ ነው።

H 20 ሴንቲ ሜትር ሆኖ አገኘን እንበል። 0.2^(5/2) ወደ 0.018 ነው፤ በ1.4 ሲባዛ 0.025 ሜትር ኪዩብ በሰከንድ፣ ማለትም 25 ሊትር በሰከንድ ይሆናል።

አሁን ወደ ፓወሩ። እዚህ ላይ H የሳንቃው ልኬት ሳይሆን ውሃው የሚወርድበት ከፍታ ነው። በፈተና ላይ እንዲህ ያለ ምርጫ ቢመጣላችሁ፦

ሀ) P = ρQH
ለ) P = ρgQH
ሐ) P = ρgQH²
መ) P = ρg²QH

ምንም ሳታሰሉ መልሱን መለየት ትችላላችሁ። ፓወር ኢነርጂ በሰከንድ ስለሆነ ML²T⁻³ ነው። ዴንሲቲ ρ ML⁻³ ነው። ለ ላይ ያለውን ስናባዛ የL ፓወሮች −3 + 1 + 3 + 1 = 2፣ የT −2 − 1 = −3፣ የM ደግሞ 1 ይሆናሉ። ለ አለፈ። ሀ ላይ T⁻¹ ብቻ ስላለ ወደቀ። ሐ አንድ L ይተርፈዋል፤ መ ደግሞ T⁻⁵ ይሆናል። ሦስቱ ከግማሽ ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ተሰረዙ።

ምርጫው ባይሰጠንና ራሳችን መገመት ቢኖርብንስ? እዚህ ላይ ብዙ መምህራን ቶሎ የሚያልፉት ነገር ስላለ ቆም ልበል። P = ρᵃ·gᵇ·Qᶜ·Hᵈ ብለን ብንጀምር ከM a = 1 እናገኛለን። ከT 2b + c = 3፣ ከL ደግሞ b + 3c + d = 5 ይመጣል። ሦስት ያልታወቁ ቁጥሮች፣ ሁለት እኩልታዎች፤ ስለዚህ መልሱ አንድ አይደለም። b = 1 ካልን ρgQH ይወጣል። b = 0 ካልን ግን ρQ³/H⁴ ይወጣል፤ ዳይሜንሽኑን አስሉት፣ ML²T⁻³ ነው። ይህኛው ግን ውሃው ከበለጠ ከፍታ በወረደ ቁጥር ኃይሉ ያንሳል ይላል! b = 3/2 ስንል ደግሞ Q ከነጭራሹ ይጠፋና ውሃ ሳይፈስ ፓወር የሚሰጥ ቀመር እናገኛለን። ሁለቱም የዳይሜንሽን ፈተናውን አልፈዋል፤ ሁለቱም ግን ሐሰት ናቸው።

ምክንያቱ Q²/(gH⁵) የሚለው ንጽጽር ዳይሜንሽን የሌለው መሆኑ ነው። እሱን በማንኛውም ፓወር አድርገን ቀመሩ ላይ ብናባዛው ዳይሜንሽኑ አይነቃነቅም። ኤድጋር በኪንግሃም በ1914 እ.ኤ.አ ባሳተመው ጽሑፍ ያስረዳው ይህንን ነው፦ አራት ነገሮች በሦስት ዳይሜንሽን ሲለኩ አንድ ነፃ ንጽጽር ይቀራል። በቅንፍ ልበልና፣ የV ሳንቃው ቀመር ራሱ፣ H ሳንቃው ላይ ያለው ቁመት ሲሆን፣ ይህ ንጽጽር ቋሚ ቁጥር ነው ከማለት ሌላ ምንም አይደለም።

መውጫው አልጀብራ ሳይሆን ፊዚክስ ነው። ከአንድ ከፍታ ላይ ሁለት እኩል ቧንቧዎች ጎን ለጎን ይውረዱ። ውሃው እጥፍ ነው፤ አንዱ ቧንቧ ሌላውን ስለማይነካው ኃይሉም በትክክል እጥፍ ነው። ስለዚህ የQ ፓወር 1 መሆን አለበት፣ c = 1። ከዚያ b = 1፣ d = 1 ወዲያው ይከተላሉ። ወይም ጥያቄውን እናጥብበው፦ አንድ ኪሎ ግራም ውሃ ሲወርድ ስንት ኢነርጂ ይሰጣል? ኢነርጂ ለማስ L²T⁻² ነው፤ ከg እና ከH ይህን የሚሰጠው gH ብቻ ነው። በሰከንድ የሚወርደው ማስ ደግሞ ρQ ነው። ሁለቱን ስናባዛ ρgQH እናገኛለን። እኔ ለተማሪ የምመክረው ይህንን ሁለተኛውን መንገድ ነው፤ ዝርዝሩ ባጠረ ቁጥር የሚቀረው ጥርጣሬ ያንሳል።

ጅረታችን 20 ሜትር ቢወርድ ታዲያ 1000 × 9.8 × 0.025 × 20 = 4,900 ዋት ይሰጣል። ከዚህ ላይ በቧንቧው ፍትጊያ፣ በተርባይኑና በጄኔሬተሩ የሚባክነው ይቀነሳል፤ በትናንሽ ተከላዎች ግማሽ ያህሉ ሊባክን ይችላል። ይህን ብክነት የሚገልጸው ቁጥርም ዳይሜንሽን ስለሌለው ቢረሳ ፈተናችን አያስታውሰንም።

ፈተናው ሌላም የማይይዘው ስህተት አለ። 0.025 በሚገባበት ቦታ በሊትር ያለውን 25 ብታስገቡ መልሱ 4.9 ሚሊዮን ዋት ይሆናል። ሊትርም ሜትር ኪዩብም L³ ስለሆኑ ዳይሜንሽኑ ትክክል ነው፤ መልሱ ግን አንድ ሺህ ጊዜ በዝቷል። እዚህ የሚያድናችሁ መጠንን ማመዛዘን ነው። የተከዜ ግድብ አንዱ ተርባይን 75 ሜጋ ዋት ነው፤ በአንድ ሳንቃ የሚለካ ጅረት የእሱን አንድ አሥራ አምስተኛ ሊሰጥ አይችልም።

በዚሁ ቀመር ሕዳሴንም እንይ። የተተከለው አቅም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ውሃው ወደ 130 ሜትር ይወርዳል ብለን ብክነቱን ብንተወው፣ ሁሉም ተርባይኖች በሙሉ አቅም ሲሠሩ Q = P/(ρgH) ወደ 4,000 ሜትር ኪዩብ በሰከንድ ይሆናል። አባይ በድንበሩ በኩል በዓመት የሚያሳልፈው በአማካይ ወደ 50 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ነው፤ ዓመት ወደ 31.5 ሚሊዮን ሰከንድ ስለሆነ ይህ 1,600 ሜትር ኪዩብ በሰከንድ ገደማ ነው። ተርባይኖቹ ሁሉ ዓመቱን ሙሉ በሙሉ አቅማቸው እንደማይሽከረከሩ በዚህ ይታወቃል።

ለእናንተ አንድ ሥራ ልተው። የሳንቃው አፍ በV ፋንታ ወርዱ B የሆነ አራት ማዕዘን ቢሆን ዝርዝራችን g፣ ሳንቃው ላይ ያለው ቁመት H እና B ይሆናል፤ B/H ዳይሜንሽን ስለሌለው እንደገና ነፃ ንጽጽር ይቀራል። የሁለቱን ቧንቧዎች ሐሳብ ተጠቅማችሁ Q ከH ጋር በስንት ፓወር እንደሚያድግ አግኙ። 3/2 ካልመጣላችሁ የL ድምራችሁን እንደገና ተመልከቱት።