ኤክሴል የኖፓን ሕፃን ዕድሜ ሲቆጥር

ኖፓ ወረዳ ውስጥ ያለ አንድ ጤና ጣቢያ የሕፃናቱን ዝርዝር በኤክሴል ይዟል እንበል። ቫይታሚን ኤ የሚሰጠው ከ6 እስከ 59 ወር ላሉት ነው፤ የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት በ9 ወር፣ ሁለተኛው በ15 ወር። ስለዚህ የሚፈለገው «ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው» የሚለው ግምት ሳይሆን የሞላው ዓመትና የሞላው ወር ነው።

ኤክሴል ለዚህ ሥራ የሚሆን ፎርሙላ አለው። ስሙ DATEDIF ይባላል። ሎተስ 1-2-3 ከሚባለው የቀድሞ ፕሮግራም ጋር እንዲስማማ ተብሎ የቀረ ስለሆነ፣ መጻፍ ስትጀምሩ ከሚዘረዘሩት ፎርሙላዎች መካከል አታገኙትም። ሙሉውን ከጻፋችሁት ግን ይሠራል። የልደት ቀኑ B2 ላይ ካለ፣ የመጀመሪያው መስመር የሞሉትን ዓመታት፣ ሁለተኛው ከዓመት የተረፉትን ወራት ይሰጣል፦

```
=DATEDIF(B2,TODAY(),"Y")
=DATEDIF(B2,TODAY(),"YM")
```

ችግሩ ያለው B2 ውስጥ ነው። ኤክሴል የሚጻፍለትን ቀን የሚያነበው በፈረንጁ አቆጣጠር ነው፤ የኖፓ እናት ደግሞ የምትናገረው በእኛው ነው። ታኅሣሥ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን 12/4/2016 ተብሎ ገባ። ኮምፒውተሩ ወርን የሚያስቀድም ከሆነ ይህን «ዲሴምበር 4 ቀን 2016» ብሎ ያነበዋል። መስከረም 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ላይ DATEDIF ቢጠየቅ ሕፃኑን 8 ዓመት ከ9 ወር ያደርገዋል። እውነቱ 1 ዓመት ከ8 ወር ነው። ምንም የስሕተት ምልክት ሳይታይ ልጁ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ዝርዝር ወጣ ማለት ነው።

በ25 የተወለደው ጎረቤቱ ይሻላል፤ 25ኛ ወር ስለሌለ ኤክሴል ቀኑን እንደ ተራ ጽሑፍ ይይዘውና ፎርሙላው #VALUE! ይላል። አሰላለፉን ካልነካችሁት፣ በቀንነት የተቀበለው ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍ ያደረገው ወደ ግራ ይጠጋል። አምዱን ከላይ እስከ ታች በዓይን መቃኘት ብቻ ብዙ ያሳያል። ግን ወደ ቀኝ መጠጋቱ ቀኑ ትክክል ነው ማለት አይደለም።

ብዙ ሰው ወደ ፈረንጅ ቀን መልሶ ማስገባትን እንደ መፍትሔ ይወስዳል። ይህም አንዳንዴ አንድ ቀን ያዛንፋል። ታኅሣሥ 12 ቀን 2016 ዲሴምበር 22 ቀን 2023 ነበር፤ ከዓመት በኋላ ታኅሣሥ 12 የዋለው ግን ዲሴምበር 21 ነው። በልደቱ ቀን DATEDIF 11 ወር ይላል። መቀየሪያ ሰንጠረዥ ሲገለበጥ የሚፈጠረው ስሕተት ሳይቆጠር ነው።

እኔ የምመርጠው ቀኑን ጨርሶ ቀን አለማድረግ ነው። ቀኑ B፣ ወሩ C፣ ዓመቱ D አምድ ላይ፣ ሦስቱም ተራ ቁጥር ሆነው ይግቡ። የዛሬው ቀን፣ ወርና ዓመት H1፣ H2 እና H3 ላይ በእጅ ይጻፉ። ከዚያ E2 ላይ፦

```
=(H$3-D2)*12+MIN(H$2,12)-MIN(C2,12)-(H$1+30*(H$2=13)<B2+30*(C2=13))
```

በእኛው ሕፃን እንየው። ከ2016 እስከ 2018 ሁለት ዓመት፣ 24 ወር ነው። በዚህ ላይ የመስከረምን 1 ደምረን የታኅሣሥን 4 ስንቀንስ 21 ይቀራል። ዛሬ 10፣ ልደቱ 12 ስለሆነ የመጨረሻው ወር አልሞላም፤ አንድ ይቀነሳል፣ 20 ወር። ዓመቱን =INT(E2/12)፣ ትርፉን ወር =MOD(E2,12) ይሰጣል፦ 1 እና 8።

MIN ያለው ለጳጉሜን ነው። ጳጉሜንን ሙሉ ወር አድርገን ብንቆጥር ነሐሴ 3 የተወለደ ሕፃን ጳጉሜን 3 ላይ አንድ ወር ሞልቶት፣ መስከረም 1 ላይ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ፎርሙላው ጳጉሜን 3ን «ነሐሴ 33» አድርጎ ስለሚይዝ ዕድሜ ወደ ኋላ አይሄድም። ዋጋው ግን አለ፤ በጳጉሜን የተወለደ ልጅ ዓመቱን በቀኑ ቢሞላም፣ በመካከል ያሉት ወራት የሚሞሉለት ቀጣዩ ወር ሲጠባ ነው።

ባዶ የተተወ ልደት በዚሁ መስከረም 10 ላይ 24,217 ወር ስለሚያወጣ ወዲያው ይታያል። አስቸጋሪው እናት ወሩን አስታውሳ ቀኑን ስትረሳ ነው። B ላይ 30 ካስገባችሁ ልጁ ከእውነተኛ ዕድሜው አንሶ እንጂ በልጦ አይቆጠርም፤ ከ9 ወሩ በፊት ለኩፍኝ ክትባት እንዳይጠራ ይረዳል። 59 ወር ላይ ግን ያው 30 የዕድሜ ጣሪያውን ያለፈውን ልጅ እስከ አንድ ወር ለሚጠጋ ጊዜ ሊያቆየው ስለሚችል፣ እንዲህ ያሉትን ረድፎች በቀለም ለይቶ መያዝ ያስፈልጋል።