ሦስት ጸሐፊዎች፣ አንድ የዋቢ ማኅደር

ዞቴሮ የመጻሕፍትና የጥናት ጽሑፎችን መረጃ፣ የፒዲኤፍ ፋይሎችንና በንባብ ጊዜ የተያዙ ማስታወሻዎችን በአንድ ማኅደር የሚያስቀምጥ፣ ጽሑፍ ሲዘጋጅም ዋቢዎቹን በራሱ የሚደረድር ነጻ ፕሮግራም ነው። አሜሪካ በሚገኘው የጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2006 ለተጠቃሚዎች ቀረበ። ለአንድ ሰው ሲሆን ብዙም አያስቸግርም። ችግሩ የሚመጣው ለየብቻ ሲያነቡና ሲመዘግቡ የቆዩ ሰዎች አንድ ጽሑፍ በጋራ ለመጻፍ ሲስማሙ ነው። ያን ጊዜ አንዱ መጽሐፍ ሦስት ቦታ ተመዝግቦ ይገኛል፤ ማስታወሻዎቹም በሦስቱ መዝገቦች ሥር ተበታትነዋል።

ስለ ሃያኛው ክፍለ ዘመን የኢትዮጵያ ታሪክና የአማርኛ ልቦለድ በጋራ የሚጽፉ ሦስት ተመራማሪዎች እንዳሉ እናስብ። አንዱ አዲስ አበባ፣ ሁለተኛው ዋሽንግተን፣ ሦስተኛዋ ሐምቡርግ ናቸው። በቅደም ተከተል 210፣ 150 እና 90 መዝገቦች፣ እንዲሁም 60፣ 40 እና 20 ማስታወሻዎች አሏቸው። ማኅደሮቹን ለማዋሐድ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው እያንዳንዱ የራሱን ወደ ፋይል አውጥቶ በኢሜይል እንዲልክ ነው። ይህ መንገድ ግን ጉዳት አለው። ፋይሉ በ`BibTeX` ወይም በ`RIS` ከወጣ የመጽሐፉ መረጃ በደህና ይደርሳል፤ የፎልደሮቹ አደረጃጀትና በፒዲኤፍ ላይ የተሠመሩ ማስመሪያዎች ግን እንደነበሩ አይደርሱም። `Zotero RDF` የተባለው አማራጭ ማስታወሻዎችንና ፎልደሮችን ይዞ ስለሚወጣ ይሻላል፤ ሆኖም እሱም ቢሆን ሲገባ ሁሉንም እንደ አዲስ መዝገብ ይቆጥራል። ፋይሉ በስሕተት ሁለት ጊዜ ከገባ ማኅደሩ በአንድ ጊዜ እጥፍ ይሆናል።

ትክክለኛው መንገድ የቡድን ማኅደር ነው። ከሦስቱ አንዱ በዞቴሮ ድረ ገጽ ላይ ቡድኑን ይከፍትና ሁለቱን ይጋብዛል። ከዚያም እያንዳንዱ ከራሱ `My Library` መዝገቦቹን እየጎተተ ወደ ቡድኑ ይጥላል። የሚሄደው ቅጂ ነው፤ የግል ማኅደሩ እንደነበረ ይቀራል። ዞቴሮ የትኛው ቅጂ ከየትኛው መዝገብ እንደመጣ ስለሚያስታውስ ያው ሰው ያንኑ መዝገብ እንደገና ቢጎትት ሁለተኛ ቅጂ አይፈጠርም። ይህ ግን የሚሠራው ለአንድ ሰው ለራሱ መዝገቦች ብቻ ነው። ከሌላ ሰው ማኅደር የመጣውን ያንኑ መጽሐፍ በዚህ መንገድ አያውቀውም።

ማስታወሻ በአብዛኛው የሚጠፋው በማዋሐዱ ሳይሆን ከዚያ በፊት፣ በመጎተቱ ላይ ነው። በፕሮግራሙ ቅንብር ውስጥ መዝገብ ከማኅደር ወደ ማኅደር ሲቀዳ ምን ምን አብሮት እንዲሄድ የሚወስን ዝርዝር አለ፤ ማስታወሻዎች፣ ፋይሎች፣ ማስመሪያዎችና ታጎች ለየብቻ ምልክት ይደረግባቸዋል። ከሦስቱ አንዱ ቀደም ሲል የማስታወሻውን ምልክት አንሥቶት ከነበረ መዝገቦቹ ባዶአቸውን ይሄዳሉ፤ ዞቴሮም ምንም አይናገርም። ስለዚህ ሦስቱም ከመጀመራቸው በፊት ይህን ዝርዝር ከፍተው ማየት አለባቸው። ሌላው ጉዳይ የፋይሎቹ ነው። ዞቴሮ ውስጥ ሳይገቡ በኮምፒውተሩ ሌላ ቦታ ተቀምጠው በአገናኝ ብቻ የተያያዙ ፒዲኤፎችን የቡድን ማኅደር አይቀበልም። እነሱን አስቀድሞ ወደ ዞቴሮ የራሱ ማከማቻ ማስገባት ያስፈልጋል። ማከማቻውም ወሰን አለው፤ በነጻ የሚሰጠው 300 ሜጋባይት ሲሆን የቡድኑ ፋይሎች በሙሉ የሚቆጠሩት ቡድኑን በከፈተው ሰው ላይ ነው። ቦታው ሲሞላ ፋይሎቹ ወደ ሌሎቹ መድረሳቸውን ያቆማሉ፤ መዝገቦቹና ማስታወሻዎቹ ግን መመሳሰላቸውን ይቀጥላሉ።

ከመጎተቱ በፊት ሦስቱም መጠባበቂያ ቅጂ ይይዛሉ። ይህም ዞቴሮን ዘግቶ የመረጃ ፎልደሩን እንዳለ ሌላ ቦታ መገልበጥ ማለት ነው። ፎልደሩ ውስጥ `zotero.sqlite` የተባለው ፋይልና `storage` የተባለው ፎልደር መኖራቸውን ማየት በቂ ነው። ከዚያ እያንዳንዱ በግል ማኅደሩ ውስጥ ያሉትን ድግግሞሾች ያጸዳል፤ መዝገቦቹን ሁሉ በራሱ ስም ታግ ምልክት ያደርጋል፤ ተራው ሲደርስም ብቻውን ይጎትታል። የአንዱ ተመሳስሎ ሳያልቅ ሌላው ባይጀምር ይመረጣል። የስም ታጉ ጥቅም በኋላ ይታያል፤ ሁለት መዝገቦች ሲዋሐዱ የሁለቱም ታጎች ስለሚቀሩ መጽሐፉን እነማን አንብበውት እንደነበር ከተዋሐደው መዝገብ ላይ ማወቅ ይቻላል።

አሁን ቡድኑ ውስጥ 450 መዝገቦችና 120 ማስታወሻዎች አሉ። በግራ በኩል `Duplicate Items` የሚለው ሲከፈት ዞቴሮ ድግግሞሽ ናቸው ብሎ የጠረጠራቸውን ያሳያል። ጥርጣሬው የሚነሣው ከርእሱ፣ ከ`DOI` እና ከ`ISBN` ነው። የርእስ መመሳሰል ብቻውን ግን አይበቃም፤ የሕትመት ዓመቶቹ ከአንድ ዓመት በላይ መራራቅ የለባቸውም፤ ቢያንስ የአንድ ደራሲ የቤተሰብ ስምና የመጀመሪያ ስሙ ፊደልም መግጠም አለበት። ለእንግሊዝኛ የጥናት መጽሔቶች ይህ ሥርዓት በደንብ ይሠራል። ለኢትዮጵያ መጻሕፍት ግን በሦስት በኩል ይከሽፋል፤ ሦስቱንም በአንድ መጽሐፍ ላይ ማየት ይቻላል።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን እንውሰድ። የአዲስ አበባው ተመራማሪ የሕትመቱን ዓመት ከመጽሐፉ ላይ እንዳየው 1958 ብሎ መዝግቧል። የዋሽንግተኑ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ለውጦ 1966 ብሏል። በዞቴሮ ዓይን በሁለቱ መካከል ስምንት ዓመት አለ፤ ስለዚህ ርእሱ አንድ ቢሆንም ድግግሞሽ አይደሉም። የደራሲው ስም ደግሞ በአንዱ ዘንድ «ሐዲስ ዓለማየሁ»፣ በሌላው ዘንድ «ሀዲስ አለማየሁ» ነው። አንባቢ ልዩነቱን ሳያስተውል ያልፈዋል፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሐ እና ሀ፣ ዓ እና አ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ሦስተኛው ችግር የስሙ አቀማመጥ ነው። ዞቴሮ የቤተሰብ ስምና የራስ ስም የሚባሉ ሁለት ሣጥኖች አሉት። የሐምቡርጓ ተመራማሪ እንደ አውሮፓውያን ልማድ የአባትን ስም በቤተሰብ ስም ሣጥን አስገብታለች፤ የአዲስ አበባው ግን የደራሲውን ስም አስቀድሟል። አንዱ መጽሐፍ በሦስት መልክ ቆሞ ከድግግሞሽ ዝርዝሩ ላይ አንድም ጊዜ ሳይታይ ሊቀር የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ማዋሐዱ ከመጀመሩ በፊት ሦስቱ ተስማምተው አንድ ደንብ ማውጣት አለባቸው፤ ከጠቅላላው ሥራ ይበልጥ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባውም ይህ ነው። ለኢትዮጵያውያን ደራሲዎች የሚሻለው ስሙን ወደ አንድ ሣጥን መቀየሪያውን ተጭኖ ስምንና የአባትን ስም በአንድነት መጻፍ ነው። ዋቢው ሲደረደርም ደራሲው በራሱ ስም ይጠራል እንጂ በአባቱ ስም አይገለበጥም። ዓመቱ በአንድ አቆጣጠር ብቻ ይገባል፤ ሌላው አቆጣጠር `Extra` በተባለው ሣጥን ሊቀመጥ ይችላል። ፊደሉ መጽሐፉ ሽፋን ላይ እንደታተመው ይሁን። ከዚያ መዝገቦቹን በርእስ ቅደም ተከተል አሰልፎ የአማርኛዎቹን በዓይን ማለፍ ያስፈልጋል፤ ለዚህ ሥራ ከዓይን የተሻለ መሣሪያ የለም። ዞቴሮ ያልጠረጠራቸው ድግግሞሾች ሲገኙ ሁለቱን መርጦ፣ በቀኝ ጠቅ አድርጎ `Merge Items…` ማለት ይቻላል። የሚያስፈልገው ሁለቱም በአንድ ማኅደር ውስጥ መሆናቸውና ዓይነታቸው አንድ መሆኑ ነው፤ አንዱ መጽሐፍ፣ ሌላው የመጽሐፍ ምዕራፍ ተብሎ ከተመዘገበ አስቀድሞ ዓይነቱ ይስተካከላል።

ሲዋሐዱ ዞቴሮ የትኛው መዝገብ ዋና ይሁን ብሎ ይጠይቃል፤ መረጃቸው በሚለያይባቸው ሣጥኖች አጠገብም የትኛው እንዲቀር መምረጫ ያቀርባል። በመዝገቡ ሥር ያሉ ማስታወሻዎች፣ ታጎችና የፎልደር አባልነት ከሁለቱም ወገን ተሰብስበው ይቀራሉ። በሣጥን ውስጥ የተጻፈ ነገር ግን ከሁለት አንዱ ብቻ ይተርፋል። አንዳንድ ሰው አስተያየቱን በማስታወሻ ፈንታ `Abstract` የተባለው ሣጥን ውስጥ የመጻፍ ልማድ አለው፤ እንዲህ ያለው ጽሑፍ ከመዋሐዱ በፊት ተቆርጦ ወደ ማስታወሻ ካልተዛወረ በአንድ ጠቅታ ይጠፋል። ድግግሞሽን ሰርዞ ማለፍም ትልቅ ስሕተት ነው፤ የተሰረዘው መዝገብ ማስታወሻውን ይዞ ወደ መጣያው ይሄዳልና። መጣያው ሲጸዳ ደግሞ ማስታወሻውም አብሮ ይጠፋል።

የፒዲኤፍ ማስመሪያዎች ለብቻቸው ይታያሉ። በዞቴሮ ማንበቢያ የተሠመረው የሚቀመጠው በፕሮግራሙ መዝገብ እንጂ በፒዲኤፉ ፋይል ውስጥ አይደለም። ሁለቱ ተመራማሪዎች አንዱን ጽሑፍ ከተለያየ ቦታ አውርደውት ከሆነ ከውሕደቱ በኋላ ሁለት ፒዲኤፎች በአንድ መዝገብ ሥር ሊገኙ ይችላሉ፤ እያንዳንዱም የባለቤቱን ማስመሪያ ይዟል። ትርፍ መስሎ አንዱ ቢጣል ማስመሪያውም አብሮ ይሄዳል። ቦታ ጠብቦ መቀነስ ካስፈለገ አስቀድሞ ማስመሪያዎቹን `Add Note from Annotations` በሚለው ትእዛዝ ወደ ማስታወሻ ማውጣት ይገባል።

ተመሳሳይ መስሎ ያልሆነም አለ። የባሕሩ ዘውዴ የዘመናዊት ኢትዮጵያ ታሪክ በእንግሊዝኛ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1991 ሲሆን ታሪኩን እስከ 1974 ያደርሳል፤ በ2001 የወጣው ሁለተኛው እትም እስከ 1991 ይዘልቃል። ሁለቱ በጥድፊያ ቢዋሐዱ ከሁለተኛው እትም የተቀዱ የገጽ ቁጥሮች በመጀመሪያው ሥር ይውላሉ፤ የትኛው ማስታወሻ ከየትኛው እትም እንደመጣም መለየት አይቻልም። እትሞች ለየብቻ መቆም አለባቸው።

ሥራው በደህና ማለቁ የሚታወቀው በቁጥር ነው። የመዝገቦቹ ቁጥር መውረድ አለበት፤ የማስታወሻዎቹ ግን ፈቀቅ ማለት የለበትም። በምሳሌያችን 70 ድግግሞሾች ከተዋሐዱ 380 መዝገቦች ይቀራሉ፤ በላቀው ፍለጋ ዓይነታቸው `Note` የሆኑት ሲቆጠሩ ግን 120 መሆን አለባቸው፤ ከ`Abstract` ሣጥን የተዛወሩትና ከማስመሪያ የወጡት ካሉ እነሱ ይጨመራሉ። ቁጥሩ 117 ከሆነ ሦስቱ ማስታወሻዎች የት እንደቀሩ ከእያንዳንዱ የግል ማኅደር ጋር ማመሳከር ነው፤ የግሉ ማኅደር ሳይነካ የቆየውም ለዚሁ ነው። አንድ ማስታወሻ ሁለት ጊዜ ሊታይም ይችላል፤ ሁለቱ ተመራማሪዎች ቀድሞ ተለዋውጠውት ከነበረ ዞቴሮ የማስታወሻን ይዘት ስለማያነጻጽር ሁለቱንም ያኖራቸዋል። ይህንን በእጅ ማንሣት ይቻላል።

የቀረው የሚጻፈው ሰነድ ነው። በወርድ ውስጥ የሚገባ እያንዳንዱ ጥቅስ ከመጣበት ማኅደር ጋር የተሣሠረ ነው። ሦስቱ ጸሐፊዎች በአንድ ሰነድ ላይ እየሠሩ እያንዳንዱ ከግል ማኅደሩ ቢጠቅስ በዋቢው ዝርዝር ላይ አንዱ መጽሐፍ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይመጣል፤ ወይም ከዓመቱ ኋላ ያልታሰበ መለያ ፊደል ይታያል። ስለዚህ ማኅደሩ ከተዋሐደ በኋላ የሚጠቀሰው ከቡድኑ ብቻ ነው። ቀድመው ከግል ማኅደር የገቡ ጥቅሶች ካሉ በቡድኑ ውስጥ የተደረገው ውሕደት አይደርስላቸውም፤ አንድ በአንድ ከቡድኑ በመጣው መተካት አለባቸው።