ሲግናል የራቀው መኝታ ቤት

ለፋሲካ ቤቱ ከጸዳ በኋላ መኝታ ቤታችን ውስጥ ዋይፋይ ጠፋ። ሳሎን ቪዲዮ እንደ ልብ ይታያል፤ መኝታ ቤት ግን አጭር መልእክት እንኳ አልሄድ አለ። ሰው በመጀመሪያ የሚጠረጥረው ግድግዳውን ነው። ግድግዳው ግን ከበዓሉ በፊትም እዚያው ነበር። በድንገት የመጣ ድክመት የሚያስጠይቀው «ምን ተነካ?» ብሎ ነው።

ስልኬ ላይ WiFi Analyzer ከፍቼ ለካሁ። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ሲግናሉ ይበረታል። -60 አካባቢ ደህና ነው፤ -80 ላይ ሲደርስ መቆራረጥ ይጀምራል። ቁጥሩ በ10 ሲወርድ የሚደርሰን ኃይል ወደ አንድ አሥረኛ እንደሚቀንስ ልብ ይሏል። መኝታ ቤቱ -86 አሳየኝ።

ራውተሩ በጽዳቱ ቀን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተሸጉጧል። ብረት ሞገዱን ይመልሰዋል፤ ፍሪጅና ትልቅ መስታወትም ከመንገዱ ላይ ከቆሙ ያው ናቸው። አውጥቼ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት፣ አንቴናውንም አቆምኩት። ብዙዎች የአንቴናውን ጫፍ ወደ ደከመው ክፍል ያነጣጥራሉ፤ ስህተት ነው። ሞገዱ የሚወጣው ከአንቴናው ጎን ነው፣ ጫፉ ላይ ደካማ ነው። ቁጥሩ ወደ -80 ተሻሻለ፤ ግን አልበቃም።

ቀጥሎ የጠረጠርኩት ወጥ ቤት ያለውን ማይክሮዌቭ ነበር። እሱም የሚሠራው በ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ መስመር አካባቢ ነው፣ የሚያመልጠው ጥቂት ሞገድም ይረብሻል። ምልክቱ ግን ሌላ ነው፦ ሲግናሉ ሙሉ ሆኖ ኢንተርኔቱ ይንቀራፈፋል፣ ምድጃው ሲጠፋም ወዲያው ይድናል። እንዲህ ያለ ችግር ያለበት ሰው ስልኩን ወደ 5 ጊጋኸርዝ ቢያዞር ይገላገላል፤ ያ መስመር ግን ግድግዳ ሲያልፍ ቶሎ ይደክማል። የእኛ ማይክሮዌቭ ጠፍቶም ለውጥ አልነበረም።

በመጨረሻ ከራውተሩ አንድ ሜትር ርቄ ለካሁ። እዚያ -40 አካባቢ መታየት ሲገባው -55 አነበብኩ። ነገሩ የተገለጠልኝ ያኔ ነው፦ የታመመው ክፍሉ ሳይሆን ራውተሩ ራሱ ነበር። ሳሎን ቅርብ ስለሆነ የተረፈው ሲግናል ይበቃዋል፤ ጉድለቱን የተሸከመው ሩቁ ክፍል ብቻ ነው። አንቴናውን ስነካው ተወዛወዘ፤ በጽዳቱ ጊዜ ብሎኑ ላልቶ ኖሯል። ሳጠብቀው እዚያው ቆሜ -37፣ መኝታ ቤት -62 ሆነ።

ብሎኑ ጠብቆም ቁጥሩ ካልተነሣ፣ አንቴናው የሚፈታ ዓይነት ከሆነ ለብቻው ይቀየራል፤ ውስጥ የተገጠመ ከሆነ ግን ጠጋኝ ዘንድ መሄድ ነው። ሲግናል ማራዘሚያ ለመግዛት ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ግን ራውተሩ አጠገብ ቆመው ቁጥሩን ያንብቡ።