የባለምንጩ ሂሳብ

ፈረንሳዊው ኦጉስታን ኩርኖ በ1838 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ተፎካካሪ የሌለውን ሻጭ ሲያስረዳ የማዕድን ውሃ ምንጭ ባለቤትን አነሳ። ውሃው ፈዋሽ ነው፤ ለማቅረብም ወጪ የለውም።

ቁጥሩን እኔ ልስጠው። በ100 ፍራንክ ማንም አይገዛም እንበል፤ ዋጋው አንድ ፍራንክ በቀነሰ ቁጥር አንድ ጠርሙስ ተጨማሪ ይሸጣል። ባለምንጩ 50 ጠርሙስ በ50 ፍራንክ ሲሸጥ 2,500 ያገኛል። 51ኛውን ለመሸጥ ግን የሁሉንም ዋጋ ወደ 49 ማውረድ አለበት። ከአዲሱ ገዢ 49 ፍራንክ ሲያገኝ ከቀደሙት ጠርሙሶች 50 ያጣል። ስለዚህ 50 ላይ ያቆማል፤ በነፃ ቢሰጥ ከሚወሰደው ልክ ግማሹ ላይ ማለት ነው።

2,500ው ከገዢ ኪስ ወደ ሻጭ ኪስ ተዛወረ እንጂ አልጠፋም። የጠፋው ሌላ ነው። 49፣ 30፣ 10 ፍራንክ ለመክፈል ፈቃደኛ የነበሩ ሰዎች ሳይጠጡ ቀሩ፤ ውሃው በከንቱ ፈሰሰ። ይህ ኪሳራ በግራፍ ላይ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ይታያል፤ 50 በ50 ተባዝቶ ለሁለት ሲካፈል 1,250 ፍራንክ ይሆናል። እኔን የሚያሳዝነኝ ሻጩም ያላገኘው መሆኑ ነው።

ከእያንዳንዱ ገዢ ሊከፍል የሚፈቅደውን ያህል መቀበል ቢችል ኖሮ እስከ መጨረሻው ጠርሙስ በሸጠ ነበር። ያኔ ብክነቱ ይቀራል፤ ጥቅሙ ግን በሙሉ የእሱ ይሆናል።