«መልእክትዎ ጎደሎ ነው» ሲባል ለምን እናፍራለን?

የዛሬው ንግግራችን ስለ አንዲት አጭር መልእክትና ስለ መልሷ ነው።

አንድ የኮላ ድባ ገበሬ ጎንደር ከተማ ለሚኖረው የወንድሙ ልጅ ከቀትር በኋላ በ10 ሰዓት በስልኩ እንዲህ ብሎ ጻፈ እንበል፦ «ሽምብራውን እልክልሃለሁ። በ2 ሰዓት መናኸሪያ ጠብቅ።» ለጻፈው ሰው ነገሩ ሙሉ ነው። ሦስቱን ኬሻ ራሱ ሰፍቷል፤ ከሾፌሩም ጋር ስለ ነገ ጧት ተነጋግሯል። ልጁ ግን 2 ሰዓቱ የዛሬ ማታ ይሁን የነገ ጧት፣ ኬሻውም ስንት ይሁን አያውቅም።

ይህ የሚሆነው ጸሐፊው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። በልባችን ያለውን ነገር ወረቀቱም ላይ ያለ ይመስለናል። በ1990 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አገር፣ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ፣ ኤልዛቤት ኒውተን የተባለች ተመራማሪ ሰዎች የታወቁ ዘፈኖችን ምት በጣታቸው ጠረጴዛ ላይ እንዲመቱ አደረገች። መቺዎቹ ከሁለት ዘፈን አንዱን አድማጭ ይለየዋል ብለው ገመቱ። ከ120 ዘፈን የተለየው ግን 3 ብቻ ነበር። መቺው ዜማውን በጆሮው ይሰማዋል፤ አድማጩ የሚሰማው ኳኳታ ብቻ ነው። አጎትየውም እንደዚያው ናቸው።

ታዲያ ልጁ «ጋሼ፣ መልእክትዎ ጎደሎ ነው፤ ሰዓቱን በደንብ አልጻፉም» ብሎ ቢመልስ አጎቱ ለምን ያፍራሉ? አንደኛው ምክንያት ቃሉ ነው። «ጎደሎ» የምንለው ለኬሻ ብቻ አይደለም፤ ለሰውም እንለዋለን። «ያልተሟላ» የሚለውም ቢሆን ትምህርት ቤት ውስጥ ነጥብ የሚያስቀንስ ቃል ነው። ሁለተኛው ይሉኝታ ነው። ስሙ ራሱ «ሰው ምን ይለኛል» የሚለውን ያሳስበናል። በተለይ ካደጉ በኋላ ፊደል የቆጠሩ ሰው እንዲህ ሲባሉ፣ ስለ ሰዓቱ የተጠየቁ ሳይሆን «ጽሕፈት አይችሉም» የተባሉ ይመስላቸዋል።

ከ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በፊት ብዙው ሰው ደብዳቤ የሚያስጽፈው በሌላ እጅ ነበር። ጸሐፊው ብዕሩን ይዞ «ቀኑ መቼ ነው?» ቢል ማንም አያፍርም፤ ደብዳቤው ገና አልተላከማ! ብቻውን የሚጽፍ ሰው ግን ይህ ጠያቂ የለውም። እንግዲህ መልስ ሰጪው ያንን ጠያቂ ቢሆንለት ነው የሚሻለው እንጂ ፈታኝ መሆን የለበትም።

አማርኛችን ለዚህ ይመቻል። «አልጻፉም» ስንል የግሡ ባለቤት ሰውየው ይሆናሉ፤ ጥፋቱም በእርሳቸው ላይ ይወድቃል። ባለቤቱን ሰዓቱን ወይም ራሳችንን ስናደርገው ነቀፋው ይቀራል። እንዲህ ይጻፍ፦

«ጋሼ፣ መልእክትዎ ደርሶኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ሽምብራው እንደሚመጣና መናኸሪያ እንድጠብቅ ገብቶኛል። ቀድሜ እንድገኝ፣ 2 ሰዓቱ ዛሬ ማታ ነው ወይስ ነገ ጧት?»

በመጀመሪያ የገባው ተነገረ፤ ስለዚህ አጎትየው ድካማቸው ከንቱ እንዳልቀረ ያውቃሉ። ቀጥሎ የጥያቄው ምክንያት መጣ፤ ምክንያቱም የልጁ ሥራ እንጂ የአጎቱ ስሕተት አይደለም። በመጨረሻ በአንድ ቃል የሚመለስ አንድ ጥያቄ ቀረበ። «ነገ ጧት» የሚል መልስ ሲመጣ ደግሞ «ጋሪ እንድይዝ፣ ስንት ኬሻ ነው?» ይባላል። ሁለቱ ጥያቄዎች ባንድ ላይ ቢላኩ አንደኛው ሳይመለስ ሊቀር ይችላል።

ሁለት ነገር እንጠንቀቅ። መልእክቱ ሳይቆረጥ «ኔትወርክ ቆርጦታል መሰለኝ» አንበል፤ እርሳቸው ያንኑ ቃል መልሰው ይልኩታልና። ደግሞም ትሕትናው በዝቶ ጥያቄውን አይሸፍን። «እንዳይቸገሩ እንጂ፣ ስለ ሰዓቱ ትንሽ ቢያብራሩልኝ» ተብለው «እሺ» ብቻ ቢመልሱ ወይም ዝም ቢሉ፣ ጥያቄው አልታያቸውም ወይም አፍረዋል ማለት ነው። ያን ጊዜ በጽሑፍ መመላለሱን ትቶ መደወል ነው፤ ሰው በተሰበሰበበት ግን አይሆንም። ነገሩ የመድኃኒት መጠን ወይም የገንዘብ ቁጥር ከሆነ ዙሪያ ጥምጥም አያስፈልግም፦ «በቀን ስንት ጊዜ ነው የሚወሰደው? እንዳልሳሳት ቁጥሩን ይጻፉልኝ» ቢባል አክብሮትም ጥንቃቄም ነው።