በጥምቀት ቀረጻ የተሳታፊዎችን ማንነት ስለመጠበቅ

ጥር 11 ቀን በጎንደር የዐፄ ፋሲለደስ መዋኛ ውኃው ከተባረከ በኋላ ብዙ ልጆች ልብሳቸውን አውልቀው ወደ ውኃው ይገባሉ። ስለሆነም ቀራጩ ሕዝቡን ከርቀትና ከጀርባ በኩል ቢያነሳ ይመረጣል፤ የአንድን ልጅ ፊት አቅርቦ ለማንሳት የወላጅ ፈቃድ መጠየቅ ይኖርበታል።

በወንዝ ዳር የሚፈጸም የአዲስ አማኞች ጥምቀት የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። እምነቱን መለወጡን ለቤተሰቡ ገና ያልነገረ ሰው ፊቱ ቢሸፈንም በድምፁ፣ በልብሱ ወይም ሲጠመቅ በሚጠራው ስሙ ሊታወቅ ይችላል። በመሆኑም ፈቃዱ ከሥርዓቱ አስቀድሞ፣ ለብቻው ሊጠየቅ ይገባል፤ ካልፈቀደ ተራው እስኪያልፍ ካሜራው ይዘጋል። ለመቀረጽ መፍቀድም ለማሰራጨት መፍቀድ ባለመሆኑ ሁለቱ ተለይተው ይጠየቃሉ።